አምስት ካሬ ገደል፦ ብቻውን ጌም የሚሠራ ሰው ሰነዱን እንዴት ያዋቅር?

ገደሉ አምስት ካሬ ስፋት አለው። የጌሙ ሰነድ እንደሚለው ልጅቷ በአንድ ዝላይ ከአራት ካሬ ተኩል በላይ አትሄድም። ስለዚህ ተጫዋቹ ወደ ማዶ የሚሻገረው ከግድግዳው ጥግ ያለውን ማንሻ ስቦ፣ ማዶ ያለውን እንስራ ወደ ላይ አውጥቶ፣ ከእንስራው ጋር ቦታ ሲቀያየር ብቻ ነው። ሠሪው ለዚህች ክፍል ሦስት ቀን ደክሞባታል። ከዚያ የመጀመሪያው ሞካሪ ተቀመጠ፤ ሮጠ፣ ከጫፉ ላይ ዘለለ፣ ተሻገረ። ማንሻውን ዞር ብሎም አላየው።

ጌሙ ለዚህ ጽሑፍ ምሳሌ እንዲሆን የታሰበ ነው። ስሕተቱ ግን ብቻቸውን ጌም የሚሠሩ ሰዎች በየጊዜው የሚወድቁበት ጉድጓድ ነው። እየሮጡና እየዘለሉ እንቆቅልሽ የሚፈቱበት ጌም ፐዝል ፕላትፎርመር ይባላል። በዚህ ዓይነት ጌም የዝላዩ ርዝመትና እንቆቅልሹ አንድ ነገር ናቸው፤ ዝላዩ በአንድ ካሬ ከተሳሳተ እንቆቅልሹ የለም ማለት ነው።

ትልልቅ ስቱዲዮዎች የዲዛይን ሰነድ የሚጽፉት ሠዓሊው፣ ፕሮግራመሩና ሙዚቀኛው እንዲግባቡበት ነው። ብቻውን የሚሠራ ሰው የሚግባባው ከማን ጋር ነው? ከሦስት ወር በኋላ ከሚመጣው ከራሱ ጋር ነው። ያ ሰው የታሪኩን መግቢያ አይረሳም፤ የልጅቷ ፀጉር ምን ዓይነት እንደሆነም ያውቃል። የሚረሳው የወሰነውንና የወሰነበትን ምክንያት ነው። ብዙ ጀማሪዎች ግን በታሪክ ጀምረው አሥር ገጽ ይሞላሉ፤ ልጅቷ በአየር ላይ እያለች ቁልፉ ቢጫን ምን እንደሚሆን አንድም ቦታ አይጽፉም።

የመጀመሪያው ገጽ ሊይዝ የሚገባው አንድ ሕግና የዚያን ሕግ ወሰን ነው። ቴሪ ካቫናህ በ2010 ያወጣው VVVVVV ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። በዚያ ጌም መዝለል የሚባል ነገር የለም፤ ቁልፉ ሲጫን ስበት ይገለበጥና ሰውየው ወደ ጣሪያው ይወድቃል። ሕጉ ይህ ነው። ወሰኑ ደግሞ ስበትን መገልበጥ የሚቻለው እግር መሬት ወይም ጣሪያ ሲነካ ብቻ መሆኑ ነው። በአየር ላይ መገልበጥ ቢፈቀድ ኖሮ ሰውየው እንደ ወፍ እየተንሳፈፈ እሾሁን ሁሉ ያልፍ ነበር። ክፍሎቹን የሚያከብዳቸው ሕጉ ሳይሆን ወሰኑ ነው።

በእንስራው ጌም ሕጉ እንዲህ ተጽፏል፦ ልጅቷ ቁልፉ ሲጫን ከእንስራው ጋር ቦታ ትቀያየራለች። ወሰኑ ሁለቱ በአንድ አግድም መስመር ላይ እንዲሆኑና በመካከላቸው ግድግዳ እንዳይኖር ነው። የተሟላ ይመስላል። ሠሪው ግን ኮድ መጻፍ እንደጀመረ ሰነዱ ያልመለሰው ጥያቄ ገጠመው። ልጅቷ እየሮጠች ዘልላ በአየር ላይ ሳለች ብትቀያየር ፍጥነቷ የት ይሄዳል?

ሦስት መልስ አለ። አንደኛው ፍጥነቱ ይጠፋል፤ ሁለቱም በአዲሱ ቦታቸው ከዜሮ ይጀምራሉ። ሁለተኛው ፍጥነቱ ከልጅቷ ጋር ይሄዳል፤ እንስራው በነበረበት ቦታ ስትደርስ ሩጫዋ ይቀጥላል። ሦስተኛው ፍጥነቱ እዚያው አየር ላይ ይቀራል፤ ልጅቷ እንስራው የነበረበት ቦታ ላይ ጸጥ ብላ ትቆማለች፣ እንስራው ግን በእሷ ፍጥነት ወደ ፊት ይበራል።

ሦስተኛውን መልስ የመረጠ ሰው ሳያስበው መወርወርን አግኝቷል። አንድ ክፍል እናስብ። ማዶ ያለው ወለል በእሾህ የተሞላ ነው፤ እሾሁ ልጅቷን ይገድላል፣ እንስራውን ግን ምንም አያደርገውም። በእሾሁ መካከል በሩን የሚከፍት ቁልፍ አለ። እንስራው ከልጅቷ ኋላ አንድ ካሬ ከፍ ባለ እርከን ላይ ተቀምጧል። ልጅቷ ወደ ገደሉ ሮጣ ትዘልላለች፤ በዝላዩ መካከል ከእንስራው ጋር እኩል ከፍታ ላይ ስትደርስ ትቀያየራለች። እሷ እርከኑ ላይ ቆማ ትቀራለች፣ እንስራው ጉዞዋን ቀጥሎ ቁልፉ ላይ ያርፋል። የመወርወሪያ ቁልፍ አልተጨመረም፣ አዲስ ሥዕልም አልተሣለም። በሰነዱ ላይ የተጨመረው አንድ መስመር ነው፦ «ፍጥነት የቦታው ነው፣ የአካሉ አይደለም።» ይህ መስመር ሳይጻፍ ክፍል መሥራት የጀመረ ሰው ግማሹን ክፍል በአንዱ መልስ፣ ግማሹን በሌላው ይሠራና በኋላ አንዱን ወገን ያፈርሳል።

ሁለተኛው ገጽ የልኬት ነው። ሠሪው ዝላዩ ሁለት ካሬ ተኩል ከፍታ እንዲኖረው ፈለገ። አንዱ ካሬ 16 ፒክስል ስለሆነ ከፍታው 40 ፒክስል ይሆናል። ጫፍ ለመድረስ 0.4 ሰከንድ ይበቃል ብሎ ወሰነ። ከፍታው `h`፣ ጊዜው `t` ከሆነ የስበቱ መጠንና የመነሻው ፍጥነት በእነዚህ ሁለት መስመሮች ይገኛሉ፦

```
g = 2 * h / (t * t)
v = 2 * h / t
```

ቁጥሮቹ ሲገቡ ስበቱ 500፣ የመነሻው ፍጥነት 200 ይመጣል። መውጣትና መውረዱ በድምሩ 0.8 ሰከንድ ነው። ልጅቷ በሰከንድ 90 ፒክስል ስለምትሮጥ በዚያ ጊዜ 72 ፒክስል ትሄዳለች፤ አራት ካሬ ተኩል ማለት ነው። ስሌቱ ትክክል ነው። ታዲያ ሞካሪው አምስት ካሬ እንዴት ተሻገረ?

ስሌቱ ልጅቷን እንደ ነጥብ ስለቆጠራት ነው። የልጅቷ አካል 12 ፒክስል ስፋት አለው። የኋላ እግሯ ጫፉን ሳይለቅ ትነሳለች፣ የፊት እግሯ የማዶውን ጫፍ እንደነካ ታርፋለች፤ ስለዚህ የአካሏ ስፋት በዝላዩ ላይ ይደመራል። 72 እና 12፣ 84 ነው። አምስት ካሬ ደግሞ 80 ፒክስል ብቻ ነው።

በዚህ አላበቃም። ጥሩ ፕላትፎርመሮች ተጫዋቹ ከጫፍ ካለፈ በኋላም ለቅጽበት እንዲዘልል ይፈቅዳሉ፤ በሙያው ኮዮቲ ታይም ይባላል። ያለ እሱ ተጫዋቹ «ተጭኜ ነበር እኮ!» እያለ ይናደዳል። በ2018 የወጣው ሴለስት ይህን ይቅርታ ይሰጣል፤ ይፋ በሆነው የገጸ ባሕርይዋ ኮድ ውስጥ `JumpGraceTime` ተብሎ 0.1 ሰከንድ ተቀምጧል። የእንስራው ጌም ሠሪም ያንኑ ቁጥር ወስዶ ነበር። በ0.1 ሰከንድ ልጅቷ 9 ፒክስል ትሮጣለች። ድምሩ 93 ሆነ፤ ወደ ስድስት ካሬ ሊደርስ የቀረው 3 ፒክስል ብቻ ነው።

ስለዚህ በልኬት ገጹ ላይ «ዝላይ፦ 4.5 ካሬ» ብሎ መጻፍ አይበቃም። የተሻለው አጻጻፍ ገደሎችን በሦስት ይከፍላቸዋል። እስከ አራት ካሬ ያለውን ማንም ይዘልላል። ሰባት ካሬና ከዚያ በላይ ያለውን ማንም አይዘልልም። አምስትና ስድስት ካሬ ደግሞ በጌሙ ውስጥ ፈጽሞ አይሠሩም፤ ጎበዙ አምስቱን ስለሚያልፈው፣ ደካማው ደግሞ መዝለል ነው መፍትሔው ብሎ አርባ ጊዜ ስለሚሞት። ይህች የተከለከለች ክልል ከገጹ ሁሉ የምትጠቅም መስመር ነች። ለከፍታም እንዲሁ ይደረጋል፦ ሁለት ካሬ ይወጣል፣ አራት አይወጣም፣ ሦስት አይሠራም።

ቀጥሎ የክፍሎቹ ዝርዝር ይመጣል፤ ለእያንዳንዱ ክፍል ጥቂት መስመር ይበቃዋል። ከሁሉ በፊት የሚጻፈው ተጫዋቹ እዚያ ክፍል ውስጥ ምን እንደሚገባው ነው፤ የሚያደርገው ነገር ከዚያ በኋላ ይመጣል። የእሾሁ ክፍል ለምሳሌ «ፍጥነቴን ለእንስራው ማውረስ እችላለሁ» ተብሎ ይመዘገባል። ከሥሩ ይህን ለመረዳት ቀድሞ መታወቅ ያለበት ይጻፋል፦ መቀያየር በአየር ላይ እንደሚቻል፣ እሾህ እንስራን እንደማይጎዳ። እነዚህን የሚያስተምሩ ክፍሎች ከእሾሁ ክፍል በፊት መምጣት አለባቸው፤ የክፍሎቹ ቅደም ተከተል በአብዛኛው ከዚህ ይወጣል። ሁለት ክፍሎች ተመሳሳይ ዓረፍተ ነገር ካላቸው አንዱ ይሰረዛል። ሃያ ክፍል አለኝ ብሎ የሚያስብ ሰው ዓረፍተ ነገሮቹን ሲጽፍ አሥራ ሁለት ሐሳብ ብቻ እንዳለው ሊያገኝ ይችላል። ያማል፤ ነገር ግን ስምንቱን ክፍል ከመሣሉ በፊት ማወቁ ይሻላል።

ለእያንዳንዱ ክፍል አንድ ተጨማሪ መስመር ባዶ ይቀመጣል፤ ሞካሪዎች ያገኙት ያልታሰበ መንገድ ይጻፍበታል። የአምስት ካሬው ዝላይ እዚያ ይገባል። ሁሉም ያልታሰበ መንገድ አይዘጋም። ተጫዋቹ ሕጉን ተረድቶ ያገኘው ከሆነ መተው ይገባል፤ ሕጉን ሳያይ ያለፈበት ከሆነ ይዘጋል።

ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ደግሞ ውድቀት ነው። እንስራው ከቁልፉ አልፎ እሾሁ ላይ ቢያርፍስ? ልጅቷ ወደዚያ መድረስ አትችልም፣ ወርዳ ብትቀያየር ትሞታለች፣ በሩም ዝግ ነው። ተጫዋቹ ግን መጣበቁን አያውቅም፤ ሌላ መፍትሔ ያለ መስሎት ሩብ ሰዓት ይፈልጋል። በ2008 የወጣው የጆናታን ብሎው ብሬይድ ይህን ችግር በራሱ ሕግ ፈታው፤ ተጫዋቹ ጊዜን ወደ ኋላ እየመለሰ ስሕተቱን ያርማል። ያን ያህል ሥራ የማይችል ሰው ሁለት ነገር ይጽፋል፦ ከክፍሉ ወለል በታች የወደቀ እንስራ ወደ መነሻው ይመለሳል፣ `R` ሲጫን ደግሞ ክፍሉ ሳይጠብቅ እንደ አዲስ ይጀምራል። ክፍሎቹም በአንድ ስክሪን የሚያልቁ ይሁኑ፤ እንደገና መጀመር ቅጣት እንዳይመስል።

የመጨረሻው ገጽ የተሰረዙ ነገሮች ገጽ ነው፤ ከነምክንያታቸው። «ሁለት እንስራ፦ ተሰረዘ፤ ከየትኛው ጋር እንደሚቀያየር ለመምረጥ ተጨማሪ ቁልፍ ይፈልጋል።» ይህ ካልተጻፈ ሐሳቡ ከሁለት ወር በኋላ እንደ አዲስ ብልጭ ይልና አንድ ሳምንት ይበላል።

እንዲህ ያለ ጌም የጀመሩ አንባቢ ካሉ፣ ከሰነዱም ከመጀመሪያው ክፍልም በፊት አንድ ባዶ ክፍል ይሥሩ። ከሦስት እስከ ስምንት ካሬ የሚሰፉ ገደሎችን በተርታ ያስቀምጡ፣ ጌም አዘውትሮ የሚጫወት ጓደኛ ይጥሩና ምንም ሳይነግሩት ይተዉት። የተሻገረው ትልቁ ገደል በልኬት ገጹ ላይ የሚጻፈው ቁጥር ነው።