ያልደረቀ የደም እድፍን ከጥጥ አንሶላ በቀዝቃዛ ውሃ ማስለቀቅ፦ ሙቅ ውሃ እድፉን የሚያጸናበት ምክንያት

መግቢያ

ደም የነካው ነጭ አንሶላ ሲገኝ የብዙ ሰው እጅ ቀድሞ የሚሄደው ወደ ሙቅ ውሃ ነው። ለዚህም ሁለት ምክንያቶች አሉ። አንደኛው፣ ቅባት በሙቅ ውሃ የተሻለ ስለሚለቅ ሙቀት ማናቸውንም እድፍ ያስለቅቃል የሚለው ልማዳዊ ግምት ነው። ሁለተኛው ደግሞ ከደም ጋር ሊተላለፍ የሚችለውን ተሕዋስ በሙቀት የመግደል ፍላጎት ነው። ሁለተኛው ምክንያት ተገቢ ነው፤ የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ በደረቀ ደም ውስጥ ቢያንስ ለ7 ቀናት የመበከል አቅሙን ይዞ ሊቆይ ይችላል። ይሁን እንጂ ሙቅ ውሃ ከቀዝቃዛው ቀድሞ አንሶላውን ከነካ፣ በቀላሉ ሊሟሟ ይችል የነበረው ደም በጥጡ ውስጥ የማይሟሟ ቡናማ እድፍ ሆኖ ይቀራል። ይህ አጭር ጽሑፍ ለውጡ እንዴት እንደሚከሰት ያብራራል፤ ንጽሕናውንም ሆነ ከተሕዋስ ነጻነቱን ሳያጓድል የሚሠራውን ቅደም ተከተል በአንድ ምሳሌ ያሳያል።

በእድፉ ውስጥ ያለው ምንድን ነው?

ለምሳሌ ያህል፣ ሌሊት የነሰረው ሰው በአንድ አልጋ የጥጥ አንሶላ ላይ አንድ የሻይ ማንኪያ፣ ማለትም 5 ሚሊሊትር ያህል ደም አፈሰሰ እንበል። የአንድ ጤናማ አዋቂ ደም በሊትር ወደ 140 ግራም ሄሞግሎቢን ስለሚይዝ በዚህ እድፍ ውስጥ 0.7 ግራም ያህል ሄሞግሎቢን ይገኛል። የደሙ ግማሽ ያህል የሆነው ፕላዝማ ደግሞ አልቡሚንን ጨምሮ ወደ 0.2 ግራም የሚጠጋ ፕሮቲን ይጨምራል። በድምሩ አንሶላው ላይ ያረፈው ፕሮቲን ከ1 ግራም ያነሰ ነው።

ከእነዚህ ፕሮቲኖች መካከል ደሙ ሲረጋ በተፈጥሮው ወደማይሟሟ ክር የሚለወጠው ፋይብሪኖጅን ብቻ ነው። መጠኑም በዚህ ምሳሌ ከ10 ሚሊግራም አይበልጥም፤ ይህም ከጠቅላላው ፕሮቲን አንድ መቶኛ ያህል ነው። የቀረው፣ ቀለሙን የሚሰጠው ሄሞግሎቢን ጭምር፣ ትኩስነቱ እስካለ ድረስ በውሃ በሚገባ የሚሟሟ ነው። ስለዚህ ያልደረቀ የደም እድፍ በባሕርዩ አስቸጋሪ እድፍ አይደለም። አስቸጋሪ የሚያደርገው ከዚያ በኋላ የሚደርስበት ነገር ነው።

ቀዝቃዛ ውሃ የሚሠራው ሥራ

ሄሞግሎቢን የሚገኘው በቀይ የደም ሕዋሳት ውስጥ ታሽጎ ነው። ደሙ በረጋ ጊዜ የፋይብሪን ክሮች መረብ ሠርተው እነዚህን ሕዋሳት ይይዟቸዋል። ሕዋሳቱ ግን የሚጸኑት በዙሪያቸው ያለው ፈሳሽ የደምን ያህል ጨው ሲኖረው ነው። የጨው መጠኑ ከ0.5 በመቶ በታች ሲወርድ ውሃ ወደ ውስጣቸው እየገባ ያሳብጣቸዋል፣ ቀጥሎም ይፈነዳሉ። የቧንቧ ውሃ ጨው የለውም ሊባል የሚችል በመሆኑ ይህን በፍጥነት ያደርጋል። የተለቀቀው ሄሞግሎቢን በመረቡ ቀዳዳዎች አልፎ ወደ ውሃው ይወጣል። በዚህ ምክንያት ለመጀመሪያው መዘፍዘፊያ ጨው መጨመር አያስፈልግም፤ መጠኑ ወደ ደም ጨው ከተጠጋ እንዲያውም ሕዋሳቱን ከመፈንዳት ያዘገያቸዋል።

ውሃው በረዶ መሆን አይጠበቅበትም። ከ30 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች የሆነ ተራ የቧንቧ ውሃ በቂ ነው። ቀዝቃዛ ውሃ የሚመረጠው የተለየ የማስለቀቅ ኃይል ስላለው ሳይሆን ፕሮቲኖቹን ሳይለውጥ እንዲሟሟ ስለሚያደርጋቸው ነው።

ሙቀት የሚያመጣው ለውጥ

የፕሮቲን ሞለኪውል እንደ ክር የተጠቀለለ ሰንሰለት ነው። በሚሟሟበት ሁኔታ ውሃ የሚወዱት ክፍሎቹ ወደ ውጭ፣ ውሃ የሚሸሹት ደግሞ ወደ ውስጥ ዞረው ይገኛሉ። ሙቀት ሲጨምር ጥቅልሉ ይፈታል፤ ተሸሽገው የነበሩት ክፍሎች ይገለጣሉ፣ ከውሃ ለመሸሽም ከጎረቤት ሰንሰለት ጋር ይጣበቃሉ። በሰንሰለቶቹ ውስጥ ያሉ የሰልፈር አተሞችም እርስ በርስ ተያይዘው ጥምረቱን ያጠነክሩታል። የእንቁላል ነጩ ክፍል ሲቀቀል የሚጠጥረው በዚሁ መንገድ ነው። የተቀቀለ እንቁላል ቢቀዘቅዝ ተመልሶ ፈሳሽ እንደማይሆን ሁሉ፣ በሙቅ ውሃ የረጋ ደምም በኋላ ቀዝቃዛ ውሃ ቢፈስስበት አይሟሟም።

ለውጡ የሚጀምርበት ሙቀት እንደ ፕሮቲኑ ይለያያል። ፋይብሪኖጅን በ56 ዲግሪ አካባቢ፣ አልቡሚን ከ60 ዲግሪ በላይ፣ ሄሞግሎቢን ደግሞ በ65 እና በ70 ዲግሪ መካከል ይረጋሉ። በአዲስ አበባ ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ፣ ከእሳት የወረደ ውሃ በሦስቱም ላይ በቂ ሙቀት አለው።

ጥጡ በዚህ ውስጥ የራሱ ድርሻ አለው። የጥጥ ጭረት በአብዛኛው ሴሉሎስ ሲሆን ውሃ ይጠጣል፤ ደሙም ከውሃው ጋር በጭረቶቹ መካከልና በድሩና በማጉ መጋጠሚያ ይሰርጋል። ፕሮቲኑና ሴሉሎሱ በኬሚካዊ ትስስር አይጣመሩም። ይልቁንም ፈሳሽ ሆኖ በጠባቡ ቀዳዳ የገባው ፕሮቲን እዚያው በሙቀት ጠጥሮ ጭረቶቹን እንደ ሙጫ ይከባቸዋል፤ በገባበት መውጣትም ያቅተዋል። በሄሞግሎቢኑ ውስጥ ያለው ብረትም ኦክሳይድ ስለሚሆን ቀዩ ቀለም ወደ ቡናማ ይለወጣል። እድፉ ጸና የሚባለው እነዚህ ሁለት ለውጦች ሲገጣጠሙ ነው።

ልዩነቱን ማንም በሁለት የነጭ ጥጥ ቁራጮች ሊያየው ይችላል። በሁለቱም ላይ ከታረደ በግ የተወሰደ ትኩስ ደም ጠብ ይደረግና አንዱ በቀዝቃዛ፣ ሌላው በ80 ዲግሪ ውሃ ውስጥ ይነከራል። በቀዝቃዛው ሳህን ውሃው ወዲያው ይቀላል፣ ጨርቁም እየነጣ ይሄዳል። በሙቁ ሳህን ግን ጨርቁ ላይ ያለው እድፍ ይጠቁራል እንጂ ውሃው ያን ያህል አይቀላም። ስለዚህ በሙቅ ውሃ ውስጥ ውሃው ጠርቶ መታየቱ መልካም ምልክት አይደለም፤ ደሙ ከጨርቁ እንዳልወጣ ያመለክታል።

የአሠራር ቅደም ተከተል

ወደ ምሳሌው አንሶላ ስንመለስ፣ የመጀመሪያው ሥራ ጓንት አጥልቆ ላዩ ላይ የቀረውን ደም በደረቅ ጨርቅ ጫን እያደረጉ ማንሳት ነው። ማሸት ደሙን ወደ ጎንና ወደ ጥልቀት ስለሚገፋው አይመከርም። ቀጥሎ አንሶላው ተገልብጦ ቀዝቃዛ ውሃ ከጀርባው በኩል በእድፉ ላይ ይፈስሳል። በዚህ አኳኋን ደሙ ጨርቁን አቋርጦ ሳይሆን በገባበት አቅጣጫ ይመለሳል።

ከዚያ አንሶላው በሳፋ ውስጥ በ5 ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ ለ15 ደቂቃ ይዘፈዘፋል፣ ይጨመቃል፣ ውሃውም ይለወጣል። ውሃውን ደጋግሞ መለወጥ ለምን እንደሚሻል ቀላል ስሌት ያሳያል። የተጨመቀ አንሶላ ግማሽ ሊትር ያህል ውሃ ይዞ ቢቀር፣ በአንድ ዙር ከሟሟው ፕሮቲን የሚተርፈው አንድ አሥረኛው ነው። በሦስት ዙር ደግሞ አንድ ሺኛው፣ ማለትም በምሳሌው 1 ሚሊግራም ገደማ ብቻ ይተርፋል። ያው 15 ሊትር ውሃ በአንድ ጊዜ ቢደፋ ኖሮ አንድ ሠላሳኛው፣ ማለትም 30 ሚሊግራም ይተርፍ ነበር። የመጨረሻው ውሃ በነጭ ዕቃ ውስጥ ሲታይ ሮዝ ቀለም ከሌለው ዙሩ በቅቷል።

አሁን የሚቀረው በአብዛኛው የፋይብሪን መረቡና እርሱ የያዘው ጥቂት ቀለም ነው። እዚህ ላይ ሳሙና በቀዝቃዛ ውሃ ይገባል። ፕሮቲን የሚቆራርጥ ኢንዛይም ያለው የዱቄት ሳሙና ከተገኘ ከ30 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ቢቆይበት መረቡን ይበጣጥሰዋል። ነጭ አንሶላ ላይ ጥላ ከቀረ 3 በመቶ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ለጥቂት ደቂቃ ይደረግበትና በደንብ ይለቀለቃል። የሚታየው አረፋ በደሙ ውስጥ ያለው ካታሌዝ የተባለው ኢንዛይም ፐርኦክሳይዱን ሲበትነው የሚወጣ ኦክስጅን ነው። ባለቀለም ጨርቅ ላይ አስቀድሞ በማይታይ ጥግ መሞከር ያሻል። በረኪናን ደም ባለበት ጨርቅ ላይ ማፍሰስ ግን ሁለት ጉዳት አለው፤ ፕሮቲኑ የበረኪናውን ኃይል ስለሚጨርሰው ተሕዋስ የመግደል አቅሙ ይዳከማል፣ ጨርቁም ቢጫ ሊሆን ይችላል።

ሙቀት የሚገባው ከዚህ በኋላ ነው። እርጥቡ አንሶላ በብርሃን ፊት ተይዞ ሲታይ በእድፉ ዳርቻ ቡናማ ቀለበት ካለ ወደ ቀዝቃዛው ውሃ ይመለሳል። ካውያም ሆነ ማድረቂያ ማሽን ያልለቀቀውን ደም ልክ እንደ ፈላ ውሃ ያጸናዋል።

ሙቀት በግድ ሲያስፈልግ

የአሜሪካ የበሽታ ቁጥጥርና መከላከል ማዕከል የሕክምና ተቋማት ጨርቆች በሙቅ ውሃ ሲታጠቡ ቢያንስ በ71 ዲግሪ ለ25 ደቂቃ እንዲቆዩ ይመክራል። ይህ ሙቀት ከላይ የተጠቀሱት ፕሮቲኖች ሁሉ ከሚረጉበት በላይ ነው። ሆኖም መመሪያውና የእድፉ ባሕርይ አይጋጩም፤ የሚጠይቁት ቅደም ተከተልን ነው። የማጠቢያ ማሽኑ የመጀመሪያ ዙር በቀዝቃዛ ውሃ ደሙን ያወጣል፣ ቀጣዩ ዙር በሙቅ ውሃ ተሕዋስን ይገድላል። ሠራተኛ በሕሙማን ክፍል ውስጥ አንሶላውን በእጁ ማለቅለቁ ግን ደም ስለሚረጭ አይፈቀድም። የቀዝቃዛው ዙር ቦታ ልብስ ማጠቢያ ክፍሉ ነው።

የተሳሳተው ቅደም ተከተል አንዴ ከተፈጸመ ተስፋው ጠባብ ነው። ኢንዛይም ያለው ሳሙና ለረጅም ሰዓት ቢቆይበት ከረጋው ፕሮቲን የተወሰነውን ሊያነሳ ይችላል፤ ፐርኦክሳይድም ቀለሙን ሊያደበዝዘው ይችላል። ነገር ግን ቀለሙ ሲጠፋ ፕሮቲኑ አብሮ ጠፋ ማለት አይደለም። እድፉ የነበረበት ቦታ ከሌላው የአንሶላው ክፍል ይልቅ ደረቅና ሻካራ ሆኖ በጣት ከተሰማ፣ የረጋው ፕሮቲን አሁንም በጭረቶቹ መካከል አለ።