ቪፒኤን ሳይጠፋ የባንክ መተግበሪያ መክፈት ለምን ሂሳብ ያስቆልፋል?

የዋትስአፕ የድምጽና የምስል ጥሪ በኤምሬትስ ስለማይሰራ፣ በአቡ ዳቢና በአል ዐይን ከቤተሰብ ጋር ለመነጋገር ቪፒኤን የሚከፍቱ አሉ። ጣጣው የሚመጣው ቪፒኤኑ ሳይጠፋ የባንክ መተግበሪያ ሲከፈት ነው።

በአል ዐይን የምትኖር አንዲት ሰራተኛ ጠዋት ቀሪ ሂሳቧን አየች እንበል። ከዚያም በአምስተርዳም ሰርቨር በኩል እናቷን አነጋግራ፣ በ10 ደቂቃ ውስጥ ገንዘብ ልትልክ ሞከረች። ለባንኩ ደንበኛዋ በ10 ደቂቃ ኔዘርላንድስ የደረሰች ትመስላለች። አድራሻውም የቤት ወይም የሞባይል መስመር ሳይሆን የመረጃ ማዕከል ነው። ብዙ ሰዎች በጋራ ስለሚጠቀሙበት አጭበርባሪዎችም አልፈውበት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ስርዓቱ ዝውውሩን ሊያግድ፣ ሙከራው ሲደጋገም ደግሞ ሂሳቡን ሊቆልፍ ይችላል።

የኤምሬትስ ባንኮች ከሐምሌ 2025 ጀምሮ በኤስኤምኤስ የሚላከውን የማረጋገጫ ቁጥር በመተግበሪያ ማረጋገጫ መተካት ጀምረዋል። በመሆኑም መተግበሪያው የተቆለፈበት ሰው የኦንላይን የካርድ ክፍያውንም ማጽደቅ ሊያቅተው ይችላል።

ገንዘብ ከመላክዎ በፊት ቪፒኤኑን ያጥፉ፤ በራሱ እንዳይከፈትም ቅንብሩን ይመልከቱ። ከዚያ የባንክ መተግበሪያውን ሙሉ በሙሉ ዘግተው በሞባይል ዳታ እንደገና ይክፈቱት። ከተቆለፈብዎ መሞከርዎን ያቁሙና በካርድዎ ጀርባ ባለው ቁጥር ይደውሉ፤ ካልሆነም የኤምሬትስ መታወቂያዎን ይዘው ወደ ቅርንጫፍ ይሂዱ። "እኔ እከፍትልዎታለሁ" ብሎ ለሚደውል ሰው የማረጋገጫ ቁጥር አይስጡ።

በ2021 የወጣው የኤምሬትስ የሳይበር ህግ ወንጀል ለመፈጸም አይፒ አድራሻን መደበቅን ከ500 ሺህ እስከ 2 ሚሊዮን ድርሃም ያስቀጣል። ለጥሪ እንደ ቦቲም ያሉ የተፈቀዱ መተግበሪያዎችን መጠቀም ሁለቱንም ስጋት ያስቀራል።