በመሃሉና በመስመሩ መካከል ያለችው 11 ሜትር

ማንቸስተር ሲቲ እ.ኤ.አ. በ2017-18 የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግን በ100 ነጥብና በ106 ግቦች ሲያሸንፍ፣ ከተጋጣሚዎቹ ብዙዎቹ ኳሱን ትተውለት ወደ ራሳቸው የግብ ክልል ይሰበሰቡ ነበር። አራት ተከላካዮች ተጠጋግተው ይቆማሉ፤ ከፊታቸው ደግሞ አራት ወይም አምስት አማካዮች ሁለተኛውን መስመር ይሠራሉ። በሁለቱ መስመሮች መካከል ያለው ርቀት አንዳንዴ አሥር ሜትር እንኳ አይሞላም። በመሃል ለማለፍ ቢሞከር እግር ብቻ ነው፤ ከመስመር እየተሻማ የሚገባውን ኳስ ደግሞ ረጃጅሞቹ የመሃል ተከላካዮች በጭንቅላት ይመልሱታል። ያም ሆኖ ሲቲ በሩን እየከፈተ ይገባ ነበር። መግቢያው በቀኝ በኩል ኬቨን ዴ ብሩይን፣ በግራ በኩል ዳቪድ ሲልቫ የሚቆሙባቸው ሁለት ቦታዎች ነበሩ።

አሰልጣኞች ይህንን ቦታ ሃፍ ስፔስ ይሉታል። የት እንዳለ ለማወቅ ሜዳው ላይ የተሠመሩትን መስመሮች ማየት ይበቃል። የፍጹም ቅጣት ምት ክልሉን ሁለት ጎኖች፣ እንዲሁም በውስጡ ያለችውን የትንሿን ሳጥን ሁለት ጎኖች በሐሳባችን ይዘን እስከ ሌላኛው ጎል ድረስ እንዘርጋቸው። 68 ሜትር ስፋት ያለው ሜዳ ከጎል እስከ ጎል በሚሄዱ አምስት መንገዶች ይከፈላል። የመሃሉ መንገድ 18 ሜትር ያህል ነው፤ ከዳርና ከዳር ያሉት እያንዳንዳቸው ወደ 14 ሜትር ይጠጋሉ፤ በመሃሉና በዳሩ መካከል የቀሩት ሁለቱ ደግሞ እያንዳንዳቸው 11 ሜትር ናቸው። ሃፍ ስፔስ እነዚህ ሁለቱ ናቸው። ፔፕ ጓርዲዮላ ባየርን ሙኒክን በሚያሠለጥንበት ጊዜ የልምምድ ሜዳውን በእንዲህ ዓይነት መስመሮች አስከፍሎት ነበር፤ ተጫዋቾቹ የትኛው መንገድ ላይ እንደቆሙ ሳይጠየቁ እንዲያውቁት።

ጠባቧ መንገድ ለምን ከሰፊዎቹ ትመረጣለች? አንደኛው ምክንያት ዕይታ ነው። በመሃል ኳስ የሚቀበል ተጫዋች አብዛኛውን ጊዜ ጀርባውን ለጎሉ ሰጥቶ ነው፤ ከግራም ከቀኝም ከኋላም ሰው ይመጣበታል። ዳር ላይ የቆመው ደግሞ ግማሽ ሜዳው በውጪው መስመር ተቆርጦበታል፤ ተከላካዩም ያንን መስመር እንደ ሁለተኛ ረዳት ይጠቀምበታል። በመካከላቸው የቆመው ግን ሰውነቱን በሰያፍ አድርጎ ጎሉንም፣ በመሃል ያለውን አጥቂም፣ ዳር ላይ ያለውን ጓደኛውንም በአንድ ጊዜ ያያቸዋል። ጎሉም ከእሱ ሩቅ አይደለም።

ዋናው ምክንያት ግን ሌላ ነው፦ እዚያ የቆመውን ሰው መያዝ ያለበት ማን እንደሆነ ግልጽ አይደለም። ዴ ብሩይን በቀኝ ሃፍ ስፔስ፣ በተከላካዮችና በአማካዮች መስመር መካከል ቆሟል እንበል። ዙሪያውን አራት ሰዎች አሉ፤ ከኋላው የተጋጣሚው የግራ መስመር ተከላካይና የግራው የመሃል ተከላካይ፣ ከፊቱ የግራ አማካዩና የመሃል አማካዩ። ከአራቱ የማንም አይደለም። በሁለት ገበሬዎች ማሳ ወሰን ላይ እንደገባ ከብት፣ አንዱ ሌላው ያባርረዋል ብሎ ይጠብቃል።

ከአራቱ አንዱ ተነሥቶ ቢሄድበትስ? የመስመር ተከላካዩ ወደ ውስጥ ቢጠጋ፣ ዳር ላይ ያለው ራሂም ስተርሊንግ ብቻውን ይቀራል። የመሃል ተከላካዩ ወጥቶ ቢይዘው፣ የነበረበት ቦታ ይከፈትና የፊት አጥቂው ወይም ስተርሊንግ በዚያ ክፍተት ሮጦ ይገባል። ይህ ከሁሉም የከፋው ነው፤ ክፍተቱ የተፈጠረው ከበረኛው ፊት ነውና። የመሃል አማካዩ ወደ ኋላ ቢመለስ፣ ኳሱን ከኋላ የሚያቀብለው ፌርናንዲኞ ጊዜና ቦታ ያገኛል። የግራ አማካዩ ቢጠብ ደግሞ ለሲቲ ቀኝ መስመር ተከላካይ ለካይል ዎከር መንገዱ ይለቀቅለታል። ተጠጋግቶ የሚከላከል ቡድን ኃይሉ ሰዎቹ አብረው መንቀሳቀሳቸው ነው፤ ሃፍ ስፔስ ላይ የቆመ ጎበዝ አማካይ ደግሞ አንዳቸው ብቻቸውን እንዲወስኑ ያስገድዳቸዋል።

ይህ የሚሠራው ግን ሌሎቹ የቡድኑ ተጫዋቾች ቦታቸውን ከያዙ ብቻ ነው። ዳር ላይ ያለው አጥቂ የውጪውን መስመር እየረገጠ መቆም አለበት። ሲቲን ስንመለከት ሳኔና ስተርሊንግ ለረጅም ደቂቃ ኳስ ሳይነኩ ዳር ላይ ቆመው ይታዩ ነበር፤ ከሥራ የተፈቱ የመሰላቸው ተመልካቾች ጥቂት አልነበሩም። እነሱ ግን በዚያ መቆማቸው ብቻ የመስመር ተከላካዮቹን ወደ ውጪ እየሳቡ ነበር። የፊት አጥቂውም እንዲሁ የመሃል ተከላካዮቹ ወደ ፊት እንዳይወጡ በአጠገባቸው ይቆያል። አጥቂ አማካዩ የሚያገኘው ቦታ እነዚህ ሁለቱ የከፈሉለት ነው።

አሁን አንዱን ጥቃት ከመነሻው እንከተለው። ሲቲ በዚያ ዓመት ደጋግሞ የሠራው ነው። ኳሱ በግራ በኩል በሲልቫና በሳኔ መካከል ይመላለሳል። ተጋጣሚው ሁሉም ወደዚያ ይንሸራተታል፤ አራቱ ተከላካዮችም እርስ በርሳቸው ሳይራራቁ ይከተላሉ። በዚህ ጊዜ ዴ ብሩይን በቀኝ በኩል ከአማካዮቹ ጀርባ ነው። አይሮጥም፤ ቀስ እያለ ይራመዳል፤ ግራና ቀኙን በተደጋጋሚ ያያል። አማካዮቹ ኳሱን እያዩ ስለሆነ እሱን አያዩትም። ከዚያ ኳሱ ወደ ኋላ ይመለስና በፌርናንዲኞ በኩል ፈጥኖ ወደ ቀኝ ይዞራል። ተከላካዮቹ አሁን ወደ ሌላኛው ወገን መንሸራተት አለባቸው፤ ግን እኩል አይደርሱም። የግራ መስመር ተከላካዩ ስተርሊንግ ስላለ ፈጥኖ ወደ ውጪ ይወጣል፤ አጠገቡ የነበረው የመሃል ተከላካይ አንድ ሁለት እርምጃ ይዘገያል። በሁለቱ መካከል የነበረው ስምንት ሜትር አሥራ ሁለት ይሆናል። ዴ ብሩይን ቦታው ላይ የሚደርሰው ያን ጊዜ ነው።

ቀድሞ ደርሶ ቢሆን ኖሮ ተከላካዮቹ አይተውት ይጠብቁት ነበር። ዘግይቶም ቢሆን ክፍተቱ ተዘግቶ ያገኘዋል። ስለዚህ ምልክቱ የአቀባዩ አንገት ነው፤ ኳሱን የያዘው ቀና ብሎ ሲያይ አማካዩ ይንቀሳቀሳል። ኳሱ ሲመጣም ፊቱን ሙሉ በሙሉ ወደ አቀባዩ አዙሮ አይቀበለውም። ሰውነቱን በሰያፍ አድርጎ፣ ኳሱ ከአቀባዩ ራቅ ወዳለው እግሩ እንዲደርስ ይተወዋል። በአንድ ንክኪ ወደ ጎሉ ዞሯል ማለት ነው። ቅርብ በሆነው እግሩ ቢቀበለው ለመዞር ሁለተኛና ሦስተኛ ንክኪ ያስፈልገዋል፤ በሁለቱ ንክኪዎች ውስጥ ክፍተቱ ያልቃል። ጨዋታ ስትመለከቱ አማካዩ ኳሱን በየትኛው እግሩ እንደተቀበለ ብቻ ልብ ብትሉ፣ ጥቃቱ ወዴት እንደሚያመራ ግማሹን ታውቃላችሁ።

ከዞረ በኋላ የሚመጣው ምርጫ ተከላካዮቹ በሚያደርጉት ይወሰናል። የመሃል ተከላካዩ ከወጣበት፣ ኳሱን በእሱና በመስመር ተከላካዩ መካከል ሰንጥቆ ያሳልፋል፤ ስተርሊንግ ከዳር ወደ ውስጥ በሰያፍ ሮጦ ያገኘዋል፤ እስከ መጨረሻው መስመር ደርሶም መሬት ለመሬት ወደ ጎሉ ፊት ይልከዋል። በሌላኛው ምሰሶ በኩል ሳኔ ይጠብቃል። ተከላካዮቹ ሁሉ ወደ ራሳቸው ጎል እየሮጡ ስለሆነ እንዲህ ያለውን ኳስ ማውጣት ከባድ ነው። ማንም ካልወጣበት ደግሞ ዴ ብሩይን ቀና ብሎ በቀኝ እግሩ ያሻማል፤ ኳሱ በበረኛውና በተከላካዮቹ መካከል ባለው ቦታ ታጥፎ ይወድቃል። ይህ ኳስ ከዳር ከሚሻማው በጣም ይለያል። ርቀቱ አጭር ስለሆነ ፈጥኖ ይደርሳል፤ በረኛው ልውጣ አልውጣ ሲል ያልፈዋል። ዴ ብሩይን በዚያ ዓመት 16፣ እ.ኤ.አ. በ2019-20 ደግሞ 20 ለግብ የሆኑ ኳሶችን በሊጉ አቀብሏል፤ ሃያዎቹ ከቲዬሪ ኦንሪ ክብረ ወሰን ጋር እኩል አድርገውታል።

እግሩ ሲለወጥ ሥራውም ይለወጣል። የአርሰናሉ ማርቲን ኦዴጋርድ የሚቆመው በዚያው በቀኝ በኩል ነው፤ እግሩ ግን ግራ ነው። ስለዚህ ዴ ብሩይን እንደሚያደርገው ከዚያ ቦታ በቀጥታ አያሻማም፤ ኳሱ ወደ ውስጥ ይመራዋል። ከቡካዮ ሳካ ጋር አጭር አጭር ይቀባበላል፤ ቤን ዋይት ከኋላቸው ዞሮ ሲያልፍ የመስመር ተከላካዩ ከሦስቱ ማንን እንደሚይዝ ይቸገራል። ክፍተት ሲያገኝም ራሱ በግራ እግሩ ይመታል። እ.ኤ.አ. በ2022-23 በሊጉ 15 ግቦችን አስቆጥሯል፤ ለአማካይ ብዙ ነው። በእኔ ግምት ለማቀበል ቀኝ እግር፣ ለማስቆጠር ግራ እግር በቀኝ ሃፍ ስፔስ ይበልጥ ይመቻል፤ አሰልጣኝ ማንን የት እንደሚያቆም ሲወስን በመጀመሪያ ሊያስበው የሚገባም ይህንን ነው።

ብዙ ቡድኖች ይህንን ለመኮረጅ ሞክረው አልሆነላቸውም። በብዛት የሚታየው ስህተት የመስመር አጥቂው ኳስ ስላልደረሰው ተሰላችቶ ወደ ውስጥ መግባቱ ነው። ያን ጊዜ እሱና አማካዩ በአንድ መንገድ ላይ ይቆማሉ፤ አንድ ተከላካይ ሁለቱን ይይዛቸዋል፤ ሌላው ተከላካይ ነፃ ሆኖ ክፍተቱን ይደፍናል። ሁለተኛው ስህተት አማካዩ ኳስ ፍለጋ ወደ ኋላ መውረዱ ነው። ኳሱን በእርግጥ ያገኘዋል፤ ግን አሁን ስምንቱም የተጋጣሚ ተጫዋቾች ከፊቱ ናቸው፤ ከመስመሮቹ መካከል የወጣ ሰው ማንንም አያስቸግርም። ኳሱ እዚያ ቦታ ላይ ሲነጠቅም አደጋው ቀላል አይደለም። ከመሃል ቅርብ ስለሆነ መልሶ ማጥቃቱ በቀጥታ ወደ ጎል ነው፤ ዎከር ደግሞ ወደ ፊት ሄዷል። ጓርዲዮላ ከአጥቂ አማካዮቹ ጀርባ ፌርናንዲኞን፣ ከጎኑም ወደ ውስጥ የሚጠጋ አንድ የመስመር ተከላካይ ያስቀምጥ የነበረው ለዚህ ነው።

ተከላካዮችም ዝም ብለው አልተቀመጡም። በጣም የሠራላቸው መልስ አምስተኛ ተከላካይ መጨመር ነው። ሦስት የመሃል ተከላካዮች ሲኖሩ የዳሩ አንዱ ያለ ሥጋት ወጥቶ አማካዩን ይይዛል፤ ከኋላው ሌሎቹ ሁለቱ ይሸፍኑለታል፤ ዳር ላይ ያለውን አጥቂ የመስመር ተመላላሹ ይዞታል። አምስቱ መንገዶች አምስት ሰው አገኙ። በዚህ ጊዜ አጥቂ አማካዩ ቆሞ ኳስ መጠበቁ ብዙም አይጠቅመውም፤ ኳሱ ዳር ላይ ሳለ በመስመር ተመላላሹና በዳሩ የመሃል ተከላካይ መካከል ከጀርባቸው ሰንጥቆ መሮጥ አለበት። ኳሱ ባይደርሰው እንኳ ተከላካዩ ይከተለዋል፤ ተከላካዩ የለቀቀውን ቦታም ከኋላ የሚመጣ ሌላ አማካይ ይይዘዋል።