ፈረቃው የማን ነው?

ጥር ሲገባ የሆቴል ሠራተኛ በሁለት ቦታ ይፈለጋል። ለጥምቀት የሚመጣው እንግዳ ብዙ ነው፣ ሆቴሉ ሰው አይበቃውም። በዚያው ሰሞን ደግሞ ዐቢይ ጾም ሳይገባ ለመደገስ ሲባል የእህት፣ የወንድም፣ የአክስት ልጅ ሠርግ ይደራረባል። በሪሴፕሽን ሱፐርቫይዘርነት በሠራሁባቸው ዓመታት በየጥሩ የሚቀርብልኝ ጥያቄ አንድ ዓይነት ነበር፦ «ፈረቃዬን ከእገሌ ጋር ልቀያየር?»

ጥያቄው የሚመጣው ሕጉ ለእህት ሠርግ የተለየ ፈቃድ ስለማይሰጥ ነው። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ሠራተኛው ራሱ ሲያገባ ከደመወዝ ጋር 3 የሥራ ቀን ያገኛል። የቅርብ ዘመድ ሲሞትበትም እንዲሁ። የእህት ሠርግ፣ የልጅ ክርስትና፣ የወንድም ምርቃት ግን እዚያ ውስጥ የሉም። ስለዚህ ያለው ምርጫ ከዓመት እረፍት ላይ መቀነስ፣ ያለ ክፍያ ፈቃድ መጠየቅ ወይም ፈረቃ መቀያየር ነው። ቅያሪ ቀንም ገንዘብም ስለማያስቀንስ ሠራተኛ ሁሉ የሚመርጠው እሱን ነው።

ግን ቅያሪ የሁለት ሰው ስምምነት ብቻ አይደለም። ይህን የተማርኩት በአንድ መጥፎ ሌሊት ነው። ሁለት ልጆች ለእኔ ሳይነግሩኝ በቃል ተስማሙ። ተተኪው በዚያው ማታ ታመመና ስልኩን ዘጋ። የምሽቱ ተረኛ የሚረከበው ሰው ጠብቆ ጠብቆ ከምሽቱ 6 ሰዓት ላይ ደወለልኝ። ሰሌዳው ላይ የተጻፈው ስም የሠርገኛው ነበርና ቀሪ የተባለው እሱ ሆነ። ያልታመመው፣ ሰው የተካው፣ ቃል የተገባለት ልጅ ማስጠንቀቂያ ተጻፈበት። አሳዘነኝ፣ ነገር ግን ሰሌዳው ፈረቃው የእሱ ነው ይላል። ኃላፊ አውቆ ሲፈርም ብቻ ፈረቃው ከአንዱ ሰው ወደ ሌላው ያልፋል። ከዚያ በኋላ የቀረው ሰው ተጠያቂው ራሱ ነው። እስከዚያ ድረስ ግን ፈረቃው የእናንተ ነው።

በደንብ የተሠራ ቅያሪ ምን እንደሚመስል አንዱን ላስረዳ። ሪሴፕሽናችን በ3 ፈረቃ ይሠራ ነበር። ከጠዋቱ 1 እስከ ቀኑ 9፣ ከ9 እስከ ምሽቱ 5፣ ከምሽቱ 5 እስከ ንጋቱ 1። አንዲት ልጅ እሑድ እህቷ ደብረ ብርሃን ላይ ልትዳር፣ ቅዳሜ ማታ የሌሊት ተረኛ ሆና ወጣች። እሑድ ጠዋት 1 ሰዓት ከሥራ ወጥታ፣ ዓይኗን ሳትከድን መንገድ ልትገባ ማለት ነው።

መጀመሪያ የቀረበላት የቅዳሜ የምሽት ተረኛው ነበር። «አይዞሽ፣ እኔ ቀጥዬ አድርልሻለሁ» አላት። ልቡ ጥሩ ነው፣ ግን አልፈቀድኩም። ከቀኑ 9 ገብቶ ንጋት 1 ላይ ሊወጣ ነው፣ 16 ሰዓት ሙሉ። ሕጉ መደበኛውን የቀን ሥራ 8 ሰዓት ላይ ያቆመዋል፤ ትርፍ ሰዓትም በቀን ከ4 ሰዓት እንዳያልፍ ይላል። ከዚያም በላይ ሌሊት የናይት ኦዲት አለ። የቀኑ ሂሳብ የሚዘጋው፣ የእንግዶች ወጪ የሚመዘገበው በዚያ ሰዓት ነው። 14 ሰዓት የቆመ ሰው ቁጥር ሲያሳስት አይቻለሁ።

ሁለተኛው ልጅ ቅዳሜ እረፍቱ ነበር። ለገና በሠራበት ምትክ አንድ ቀን ስለተሰጠው በዚያ ሳምንት ማክሰኞንም አርፏል፤ የሠራው 5 ፈረቃ ማለትም 40 ሰዓት ነው። የእሷን የቅዳሜ ሌሊት ቢወስድ 48 ይሞላል፤ የሳምንቱ ጣሪያ ያ ነው፣ አያልፍም። የማክሰኞ እረፍቱም ስላልተነካ የሳምንት እረፍት አላጣም። እሑድ ማታ የራሱ ፈረቃ ቢኖርም በመካከሉ 16 ሰዓት ያርፋል። በምትኩ እሷ የእሱን የሰኞ ሌሊት ትሠራለች፤ ሰኞ እረፍቷ ስለሆነ ከምሽቱ 5 በፊት ከደብረ ብርሃን ትመለሳለች። ሁለቱም ናይት ኦዲት ይችላሉ። እዚህ ላይ እምቢ የምልበት ምክንያት አልነበረኝም።

ወረቀቱ ላይ ግን አንድ ነገር አስተካከልኩ። «የእሑድ ሌሊት» ብላ ጽፋ ነበር። በእኛ አነጋገር ይህ አንዱን ለእሑድ አጥቢያ፣ ሌላውን የእሑድን ማታ ያስይዛል። በዚያ ላይ ሠራተኛው ምሽት 5 ሲል ኮምፒውተሩ 23:00 ይላል። በዚህ ግራ መጋባት የተነሣ ሁለት ሰው አንድ ፈረቃ ላይ መጥቶ፣ ሌላው ባዶ ሲቀር አይቻለሁ። ስለዚህ የገቡበትንና የሚወጡበትን ቀን ሁለቱንም ማስፈር ይሻላል። በመጨረሻ የጻፈችው እንዲህ ነበር፦

«ቅዳሜ ከምሽቱ 5 ሰዓት ገብቶ እሑድ ከጠዋቱ 1 ሰዓት የሚወጣው ፈረቃ የእኔ ነው። እሑድ የእህቴ ሠርግ ስለሆነ ባልደረባዬ እንዲሠራልኝ ተስማምቷል። እኔ በምትኩ ሰኞ ከምሽቱ 5 ገብቼ ማክሰኞ ከጠዋቱ 1 እወጣለሁ። ሁለታችንም ፈርመናል፤ እንዲፈቅዱልን በትሕትና እንጠይቃለን።»

ተተኪው ራሱ መፈረሙ ትልቅ ነገር ነው። «እሱ እሺ ብሎኛል» የሚል ወሬ ይዞ የሚመጣ ሰው ለኃላፊ የሚያቀርበው ግማሽ ጥያቄ ነው። ቅያሪው ሰሌዳው ላይ መታረሙንም ሄዳችሁ በዓይናችሁ እዩ። ኃላፊው ፈርሞ ፋይል ውስጥ የከተተው ወረቀት ለማታ ተረኛው ምንም አይነግረውም፤ የሚያየው ግድግዳው ላይ ያለውን ነው።

ከሁሉም በላይ የሚያስፈራኝ የፓስወርድ ነገር ነው። ተተኪው በቀየረው ሰው ስም ሲስተም ከፍቶ ከሠራ፣ የተቀበለው ገንዘብ ሁሉ ሠርግ ቤት በተቀመጠችው ልጅ ስም ይመዘገባል። ማለዳ ካዝናው ቢጎድል የምትጠየቀው እሷ ናት። እያንዳንዱ በራሱ ስም ይግባ፣ ካሹንም በራሱ ስም ቆጥሮ ይረከብ።

ሰሌዳው ከመለጠፉ በፊት የሠርጉ ቀን ከታወቀ ግን ቅያሪ አያስፈልግም፤ ኃላፊው ሲያወጣ ያን ቀን እንዲተውላችሁ ብቻ ንገሩት። ሽማግሌ ተልኮ ቀን ከተቆረጠ ብዙውን ጊዜ ሳምንታት አሉ። የሠራተኛው ጥፋት አብዛኛው ጊዜ እስከ ዋዜማው ዝም ማለቱ ነው። የኃላፊው ጥፋት ደግሞ መልስ ሳይሰጥ «እናያለን» ብሎ ማንጠልጠሉ ነው። እምቢ ከሆነ ቶሎ እምቢ ይባል፣ ሌላ ተተኪ ለመፈለግ ወይም የዓመት እረፍት ለመጠየቅ ጊዜ ይኖራል። «ታምሜያለሁ» ብሎ ለሠርግ መሄድ ደግሞ ከሁሉም የከፋው መንገድ ነው፤ ሐሰቱ ከታወቀ ሠርጉ ሳይሆን ውሸቱ የዲሲፕሊን ጉዳይ ይሆናል።

ያቺ ልጅ ሰኞ ከምሽቱ 4 ሰዓት ተኩል ላይ ሪሴፕሽን ደረሰች፣ እጇ ላይ ሒናው ገና አልደበዘዘም። ካሹን ቆጥራ ተረከበች፣ በራሷ ስም ገብታ ሥራ ጀመረች። ኃላፊ የሆናችሁ ሁሉ፣ እንዲህ ተሟልቶ የመጣ ጥያቄ ሲቀርብላችሁ በዚያው ቀን ፈርማችሁ መልሱ።