አናሎጉ ሲለቀቅ የት ያርፋል?

የእህቴ ልጅ ያገለገለ ጆይስቲክ ገዝቶ ከኮምፒውተሩ ጋር ባገናኘ በሁለተኛው ሳምንት፣ “አጎቴ፣ ይሄ ነገር ለእኔ አይሆንም፤ ኪቦርድና ማውስ ግዛልኝ” አለኝ። ኳስ ሲጫወት ምንም አይጎድለውም። ተኩስ ያለበት ጌም ሲከፍት ግን አንድ ጠላት እንኳ መምታት አቃተው። ምን ምን እንደነካካ ስጠይቀው ነገሩ ገባኝ። መጀመሪያ ላይ እጁን ከጆይስቲኩ ላይ ሲያነሳ እይታው በራሱ ቀስ እያለ ወደ ግራ ይዞር ነበር። ጓደኞቹ “ዴድ ዞኑን ከፍ አድርገው” አሉት፤ 30 ላይ አደረሰው፤ መዞሩም ቆመ። ከዚያ አናሎጉ የደነዘዘ መሰለውና ሴንሲቲቪቲውን ጨመረ። ከዚያ በኋላ መስቀሏ ጠላቱን እያለፈች ትሄድ ጀመር። በሽታውን ያዳነው መድኃኒት ሌላ በሽታ አመጣበት ማለት ነው።

ማውስ ይገዛለት አይገዛለት ከማለታችን በፊት፣ ሁለቱ ዕቃዎች ለጌሙ የሚነግሩት ነገር አንድ እንዳልሆነ ማወቅ ነበረብን። ማውስ የሚናገረው ርቀትን ነው። አንድ ሳንቲሜትር ብታንቀሳቅሱት እይታው ያንን የሚያህል ማዕዘን ዞሮ ይቆማል፤ እጃችሁ ሲቆም እሱም ይቆማል። አናሎግ የሚናገረው ፍጥነትን ነው። ግማሽ ድረስ ገፍታችሁ ከያዛችሁት እይታው በተወሰነ ፍጥነት መዞሩን ይቀጥላል፤ የሚቆመው ስትለቁት ብቻ ነው። ስለዚህ በማውስ ማነጣጠር በጣት ወደ አንድ ነገር እንደመጠቆም ሲሆን፣ በአናሎግ ማነጣጠር መኪናን በትክክለኛው ቦታ ላይ እንደማቆም ነው፤ መቼ እንደሚለቀቅ መገመት ያስፈልጋል።

ለየትኛው ጌም የትኛው እንደሚሻል የሚወስነው ይኸው ልዩነት ነው። እንደ ኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስ ባለ የስትራቴጂ ጌም ሥራው ሁሉ ካርታ ላይ “እዚህ ሂድ፣ ያንን ምታ” ማለት ስለሆነ ማውስ ተወዳዳሪ የለውም። የኳስ ጌም ደግሞ ተቃራኒው ነው። ኪቦርድ ላይ ያሉት አራት የአቅጣጫ ቁልፎች ተጣምረው የሚሰጡት ስምንት አቅጣጫ ብቻ ነው። አጥቂያችሁ በሁለት ተከላካዮች መሃል ባለች ጠባብ ክፍተት ኳስ ማሳለፍ ሲፈልግ ማዕዘኑ ከስምንቱ አንዱ ላይሆን ይችላል፤ አናሎግ ግን ዙሪያውን በሙሉ ይሰጠዋል። በመኪና ውድድርም እንዲሁ ነው። የኪቦርድ ቁልፍ ነዳጁን ወይ ጨርሶ ይለቃል ወይ እስከ መጨረሻው ይረግጣል፣ መሃል የለውም። የጆይስቲኩ የኋላ ማስፈንጠሪያ ግን ከጠመዝማዛ ስትወጡ ጎማው እንዳይንሸራተት 40 ወይም 60 በመቶ ብቻ ለመርገጥ ያስችላል። አንድ ለአንድ በሚደረጉ የቡጢ ጌሞች፣ ስምንት አቅጣጫ በቂ ስለሆነ፣ የለመዳችሁትን ያዙ።

አስቸጋሪው የተኩስ ጌም ነው። በ1997 ዴኒስ ፎንግ የተባለው ተጫዋች የኩዌክን ውድድር በኪቦርድና በማውስ አሸንፎ የጌሙን ሠሪ የጆን ካርማክን ፌራሪ ከተሸለመ ወዲህ፣ በኮምፒውተር ላይ ማውስ የተኩስ ጌም ዕቃ ሆኖ ቀርቷል። ሆኖም በዛሬዎቹ ጌሞች ጆይስቲክ የያዘ ሰው ኤይም አሲስት የሚባል እገዛ ያገኛል። መስቀሏ ጠላት ላይ ስትደርስ ጌሙ ራሱ ፍጥነቷን ይቀንስለታል፤ አንዳንዱ ጌም ከጠላቱ ጋር በመጠኑ ያስከትላታል። በቅርብ ርቀት ይህ እገዛ ትልቅ ነው። ስለዚህ ልጁ ምንም መምታት ያቃተው ጆይስቲክ ስለያዘ አልነበረም።

ምክንያቱን ለማየት አናሎጉ ውስጥ ያለውን እንመልከት። በአብዛኞቹ ጆይስቲኮች ከእያንዳንዱ አናሎግ ሥር ሁለት ትናንሽ ተለዋዋጭ ሬዚስተሮች አሉ፤ አንዱ የግራ ቀኙን፣ ሌላው የላይ ታቹን ይለካል። በካርቦን በተቀባ ጠባብ መንገድ ላይ የብረት ምላስ ይንሸራተታል። ካርቦኑ ሲፋቅ፣ አቧራ ሲገባ ወይም የሚመልሰው ስፕሪንግ ሲላላ፣ አናሎጉ ተለቅቆም ልኬቱ ዜሮ አይሆንም። ጌሙ ደግሞ “ትንሽ ወደ ግራ ተገፍቷል” ብሎ ያነባል። ድሪፍት የሚባለው ይህ ነው። በየሰፈሩ ባሉት የፕሌይስቴሽን ቤቶች ቀኑን ሙሉ ኳስ ሲጫወትበት የዋለ ጆይስቲክ መጀመሪያ የሚያልቀው ግራ አናሎጉ ነው፤ ተኩስ የተበዛበት ደግሞ ቀኙ። ያገለገለ ስትገዙ ይህንን አስታውሱ። ሆል ኢፌክት የሚባለው አናሎግ በማግኔት ስለሚለካ የሚፋቅ መንገድ የለውም፤ ስፕሪንጉ ግን እሱም ይላላል።

ዴድ ዞን ጌሙ በመሃል አካባቢ ያለውን እንቅስቃሴ እንዳላየ የሚያልፍበት ክብ ነው። 30 በመቶ ከሆነ፣ አናሎጉ ከሚሄድበት መንገድ የመጀመሪያው ሠላሳ በመቶ ለጌሙ የለም። ማይክሮሶፍት ለጌም ሠሪዎች ያስቀመጠው ቁጥር ራሱ ትንሽ አይደለም፤ ከ32767 ለግራ አናሎግ 7849፣ ለቀኝ 8689 ነው፤ ሩብ ገደማ ማለት ነው። አንድ ጌም ይህን እንዳለ ከወሰደው፣ ጤነኛ ጆይስቲክ የያዘ ሰውም ያለጥፋቱ ሩቡን እንቅስቃሴ ያጣል።

አሁን የልጁን ነገር በቁጥር እንየው። አናሎጉ ጥግ ድረስ ሲገፋ እይታው በሰከንድ 200 ዲግሪ ይዞራል እንበል። ጌሙ ዴድ ዞኑን ዝም ብሎ የሚቆርጥ ከሆነ፣ ከ30 በመቶ በታች ምንም የለም፤ 30ን ስታልፉ ግን ፍጥነቱ ከዜሮ ተነስቶ በአንድ ጊዜ በሰከንድ 60 ዲግሪ ይሆናል። ሠላሳ ሜትር ርቆ የቆመ፣ ግማሽ ሜትር ስፋት ያለው ሰው ግን ስክሪኑ ላይ የሚይዘው አንድ ዲግሪ ገደማ ነው። ስለዚህ ልጁ ሊያደርገው የሚችለው ትንሹ እንቅስቃሴ እንኳ ጠላቱን በሰከንድ አንድ ስልሳኛ አልፎት ይሄዳል። ሴንሲቲቪቲውን በጨመረ ቁጥር ይህ ዝላይ ይብሳል። ብዙ ጌሞች ከዴድ ዞኑ ጫፍ ጀምረው ፍጥነቱን ከዜሮ እንደገና ስለሚያከፋፍሉት ዝላዩ አይኖርም፤ ያኔም ቢሆን ከግራ ወደ ቀኝ ለመመለስ አውራ ጣቱ ሰፊ ባዶ ሜዳ ማቋረጥ አለበት።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉን ገለበጥነው። ሴንሲቲቪቲውን መጀመሪያ ወደነበረበት መለስነውና ዴድ ዞኑን ዜሮ አደረግነው። እይታው ወዲያው ወደ ግራ መሄድ ጀመረ። ጆይስቲኩን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠን ቁጥሩን አንድ አንድ እየጨመርን ስክሪኑን ተመለከትን። 7 ላይ ቆመ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይጨርሳል፤ እኛ ግን አናሎጉን ጥግ ድረስ እየገፋን በድንገት ለቀቅነው፤ ከግራ፣ ከቀኝ፣ ከላይ፣ ከታች። ያረጀ ስፕሪንግ ከየአቅጣጫው ሲመለስ የሚያርፈው አንድ ቦታ ላይ አይደለም። ከግራ ሲለቀቅ እይታው እንደገና መሳብ ጀመረ። 9 ላይ ከአራቱም አቅጣጫ ዝም አለ፤ አንድ ጨምረን 10 አደረግነው። በዊንዶውስ ላይ ያለ ሰው `joy.cpl` ብሎ ጽፎ በሚከፈተው መስኮት አናሎጉ የት እንደሚያርፍ ያለ ጌም ማየት ይችላል።

ከመሃሉ በተጨማሪ ጥጉም ይታይ። ያረጀ አናሎግ ጥግ ድረስ ተገፍቶ 94 በመቶ ብቻ ሊያነብ ይችላል። ምልክቱ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ተጫዋቹ ሙሉ ሩጫ አለመሮጡ ነው። ጌሙ የውጭ ዴድ ዞን ካለው 6 ወይም 7 መስጠት ያስተካክለዋል። በመኪና ውድድር የመሪው ዴድ ዞን አናሎጉ የሚፈቅደውን ያህል ዝቅ ይበል፤ ቀጥ ባለ መንገድ ላይ መሪውን በትንሹ ማረም የሚያስፈልገው በዚያችው መሃል ላይ ነውና።

ከዚህ በኋላ የሚመጣው የአናሎጉ ኩርባ ነው። ቀጥታ በሆነው ኩርባ ግማሽ ግፊት ግማሽ ፍጥነት ይሰጣል። በካሬ በሚሄደው ግማሽ ግፊት ሩብ ፍጥነት ብቻ ነው፤ ስለዚህ መሃሉ ረጋ ይላል፣ ጥጉ ላይ ግን ሙሉው ፍጥነት አለ። ማነጣጠር ለሚያስቸግረው ሰው ይህን እመርጣለሁ። ሴንሲቲቪቲ የሚነካው ከሁሉም በኋላ ነው፦ የሚራመድ ጠላትን ስትከተሉ መስቀሏ ወደኋላ ከቀረች ጨምሩ፣ እያለፈች ከተመለሰች ቀንሱ።

ማውሱንም በኋላ ከጎረቤት ተውሰን ሞከርነው። ለማውስ የሚጠቅመው መለኪያ አንድ ሙሉ ዙር ለመዞር እጅ ስንት ሳንቲሜትር ይሄዳል የሚለው ነው። በካውንተር ስትራይክ 2 ሴንሲቲቪቲው 1 ሲሆን ማውሱ የሚልከው እያንዳንዱ ቁጥር 0.022 ዲግሪ ያዞራል። ማውሱ 800 ዲፒአይ ከሆነ በ2.54 ሳንቲሜትር 800 ቁጥር ይልካል፤ ስለዚህ ሙሉ ዙር 52 ሳንቲሜትር ይፈልጋል። በ2 ደግሞ 26። የልጁ የማውስ ፓድ ስፋት 25 ሳንቲሜትር ነው፤ ከመሃሉ እስከ ጠርዙ 12.5። በ1 ቢጫወት ጠርዝ ላይ ሲደርስ የዞረው 90 ዲግሪ እንኳ አይሞላም፤ ከኋላው የመጣውን ሳያይ ማውሱን ማንሳት ይኖርበታል። በ2 ግን ወደ ኋላው ለመዞር ጥቂት ዲግሪ ብቻ ይጎድለዋል። ስለዚህ 2 አደረግነው። ሒሳቡን የማይወድ ሰው ማስመሪያ ዘርግቶ፣ የግድግዳ ጥግ ላይ አነጣጥሮ አንድ ዙር እስኪመለስ ማውሱን ይግፋና ይለካ፤ ያንኑ ርቀት ወደ ሌላ ጌምም ይውሰድ። በዊንዶውስ ያለውን `Enhance pointer precision` ማጥፋት ይገባል፤ ማውሱ ፈጠን ሲል ርቀቱን ስለሚለጥጠው እጅ የለመደው ሳንቲሜትር ይጠፋል።

ልጁ አሁን የተኩስ ጌሙን ከጓደኞቹ ጋር ሶፋ ላይ ሲሆን በጆይስቲኩ ይጫወታል፤ ጠረጴዛ ሲያገኝ በማውስ። ጆይስቲኩ ጀርባ ላይ ወረቀት ለጥፎ “10” ብሎ ከነቀኑ ጽፏል። ከአራት ወር በኋላ 13 ብሎ ሰርዞ ጻፈ። “20 ሲደርስ አናሎጉን አስቀይራለሁ” ይላል፤ ቀያሪውንም ከአሁኑ አፈላልጎ አግኝቷል።