ፋርስኛው የቀጠለውን እንግሊዝኛው የት ይቁረጠው?

በኢራን የዜና ዘገባዎች ውስጥ እንዲህ ያለ ሐረግ ማግኘት ብርቅ አይደለም፦ «ነታዬጄ በረሲዬ ኬይፊየቴ ኣቤ ኣሻሚደኒዬ ሩስታሃዬ ሾማሌ ኬሽቨር»። ስምንት ቃላት ናቸው፤ በመካከላቸው ግስም ነጠላ ሰረዝም የለም። በየተራ ሲፈቱ ውጤቶች፣ ጥናት፣ ጥራት፣ ውሃ፣ የሚጠጣ፣ መንደሮች፣ ሰሜን፣ አገር ይላሉ። ቃላቱን የሚያያይዛቸው ከመጨረሻው በስተቀር በእያንዳንዱ ጫፍ ላይ የምትሰማው «ኤ» ወይም «ዬ» ናት። ፋርሶች ኤዛፌ ይሏታል።

ግዕዝ የቀመሰ አንባቢ ለነገሩ እንግዳ አይሆንም። «ቤተ መንግሥት» ወይም «ሕገ መንግሥት» ሲል፣ የፊተኛው ቃል መድረሻ ድምፁን ለውጦ የኋለኛውን ይይዛል። ኤዛፌ ግን ስምን ከስም ብቻ ሳይሆን ስምን ከቅጽልም ያያይዛል፤ በዚያ ላይ እንደ ልብ ይደጋገማል።

ችግሩ ከድምፁ ይልቅ በጽሕፈቱ ላይ ይብሳል። ከተነባቢ በኋላ ኤዛፌ አብዛኛውን ጊዜ አይጻፍም፤ አንባቢው ራሱ ጨምሮ ያነበዋል። እንደ «ሩስታሃ» በረጅም «ኣ» ለሚያልቅ ቃል ግን ፊደል ይጨመርለታል። ስለዚህ ተርጓሚው መጀመሪያ የሚፈልገው ሰንሰለቱ የሚያበቃበትን ቦታ ነው። ግስ ሲመጣ፣ ተሳቢን የምታመለክተው «ራ» ስትመጣ፣ ወይም እንደ «ደር» እና «አዝ» ያለ መስተዋድድ ሲከተል፣ ሰንሰለቱ እዚያው ቆሟል ማለት ነው።

ቀጥሎ ስሙና ቅጽሉ ይለያሉ። ከላይ ባለው ሐረግ ቅጽል ሆኖ የገባው «ኣሻሚደኒ» ብቻ ነው፤ ከፊቱ ካለው ከ«ኣብ» ጋር ተጣብቆ «የሚጠጣ ውሃ» የሚል አንድ እሽግ ይሆናል። የተቀሩት ስሞች ናቸው፤ የሁሉም አለቃ የመጀመሪያው ቃል፣ «ውጤቶች» ነው። ለአማርኛ ተናጋሪ ይህን መፍታት አይከብድም፤ ከኋላ ወደፊት ማንበብ ይበቃዋል፦ የአገሪቱ ሰሜን መንደሮች የመጠጥ ውሃ ጥራት ጥናት ውጤቶች።

እንግሊዝኛው ግን መሐል ላይ ይቆማል። ቅጽሉን እንደ አማርኛ ከስሙ ያስቀድማል፤ በ«ኦፍ» ሲያያይዝ ደግሞ እንደ ፋርስኛ ዋናውን ስም ያስቀድማል። ጀማሪ ተርጓሚ ስምን ከስም በሚያያይዘው ኤዛፌ ሁሉ አንድ «ኦፍ» ይደረድርና ስድስት «ኦፍ» ያለው፣ አንባቢ መሐሉ ላይ ትንፋሽ የሚያጥረው ሐረግ ያወጣል።

መውጫው እያንዳንዱ ማያያዣ ምን ዓይነት ዝምድና እንደያዘ መጠየቅ ነው። ጥናቱ ስለ ጥራቱ ነው፤ እዚህ «ኦፍ» ያስኬዳል። የውሃውና የጥራቱ ዝምድና ስምን ከስም በመደርደር ያልቃል፦ «ድሪንኪንግ ዎተር ኳሊቲ»። ውሃውና መንደሮቹ ሲያያዙ ቦታ ነው የሚነገረው፤ ስለዚህ «ኢን» ይሻላል። እንዲህ ሲጠቃለል «ዘ ሪዘልትስ ኦቭ ኤ ስተዲ ኦቭ ድሪንኪንግ ዎተር ኳሊቲ ኢን ቪሌጅስ ኢን ዘ ኖርዝ ኦቭ ዘ ካንትሪ» ይሆናል። ከስድስቱ «ኦፍ» ሦስቱ ብቻ ቀሩ። ከ«ስተዲ» በፊት «ኤ» ይግባ ወይስ «ዘ» የሚለውን ሰንሰለቱ አይናገርም፤ ጥናቱ ቀደም ብሎ ተጠቅሶ እንደሆነ ከዘገባው መታየት አለበት።

አጭር ሰንሰለትም ቢሆን ወጥመድ አለው፤ እንዲያውም ስህተቱ የማይታወቀው እዚያ ነው። «ሞዲሬ ጀዲዴ ሼርከት» ማለት የኩባንያው አዲስ ሥራ አስኪያጅ ነው። ቃላቱ ቦታ ተለዋውጠው «ሞዲሬ ሼርከቴ ጀዲድ» ሲሆኑ ግን አዲሱ ኩባንያው ነው፤ ምክንያቱም ቅጽል በተለምዶ የሚገልጸው ከፊቱ ያለውን የቅርብ ስም ነው። ቅልጥፍና የወደደ ተርጓሚ ሁለቱንም «ዘ ኒው ካምፓኒ ማኔጀር» ሊላቸው ይችላል። እንግሊዝኛው ያምራል፤ አዲሱ ማን እንደሆነ ግን ጠፋ። ፋርስኛው በቃል ቅደም ተከተል የለየውን ለመጠበቅ የመጀመሪያው «ዘ ካምፓኒስ ኒው ማኔጀር»፣ ሁለተኛው «ዘ ማኔጀር ኦቭ ዘ ኒው ካምፓኒ» መባል አለበት። ቃላትን መደርደር ማሳጠሪያ የሚሆነው ቅጽሉ የማን እንደሆነ ሳያደበዝዝ ሲቀር ነው።

አንዳንዴ ደግሞ ኤዛፌ በእንግሊዝኛው ምንም ምልክት አይተውም። «ኣቃዬ አህመዲ» «ሚስተር አህመዲ» ነው፤ «አንጎሽተሬ ተላ»ም «ጎልድ ሪንግ» ይባላል። የአገሪቱ ማዕከላዊ ባንክ ስም፣ «ባንኬ መርከዚዬ ጆምሁሪዬ ኤስላሚዬ ኢራን»፣ አራት ኤዛፌ አለው፤ በእንግሊዝኛ ግን በሁለት «ኦፍ» ያልቃል። «መርከዚ» ወደ ባንኩ፣ «ኤስላሚ» ወደ ሪፐብሊኩ ተሰብስበው ቅጽሎቹ ወደፊት ዞሩ፤ «ኦፍ» የቀረው ባንኩን ከሪፐብሊኩ፣ ሪፐብሊኩን ከኢራን ለማያያዝ ብቻ ነው።