ኮንዶሚኒየም ውስጥ ጀርመን ሸፐርድ?

አዲስ አበባ ውስጥ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ባለ ሁለት መኝታ ኮንዶሚኒየም የሚኖር ቤተሰብ እናስብ። ታላቁ ልጅ 6፣ ታናሿ 3 ዓመቷ ነው። አባት ቤት የሚጠብቅ ጀርመን ሸፐርድ ይፈልጋል፤ እናት ማልቲዝ የምትባለውን ነጭ፣ ትንሽ ውሻ ወዳለች።

ወንድ ጀርመን ሸፐርድ ሲያድግ ከ30 እስከ 40 ኪሎ ይደርሳል። ቶሎ ይማራል፤ በደንብ ካደገ የቤቱን ልጆች ይወዳል። ችግሩ እንግዳ ሲመጣ ነው። የጎረቤት ልጅ ከቤቱ ልጅ ጋር ሲታገልና ሲጯጯህ ጨዋታ መሆኑ ላይገባው ይችላል። ግቢ ያለው ሰው እንግዳ ሲመጣበት ውሻውን ይዘጋበታል። የኮንዶሚኒየም ደረጃ ግን የሁሉም መተላለፊያ ነው፤ ውሻው በወጣ በገባ ቁጥር ከማያውቀው ሰው ጋር ፊት ለፊት ይገጥማል። በረንዳ ላይ አስሮ ማዋል ደግሞ ይብሳል፤ የታሰረ ውሻ ሲፈራ መሸሽ ስለማይችል ወደ መንከስ ይሄዳል። ስለዚህ ለዚህ ቤት ጀርመን ሸፐርድ አልመክርም።

ታዲያ ማልቲዝ ትሁን? እሷም ስጋት አላት። ከ4 ኪሎ ብዙም አትበልጥም፤ አጥንቷ ቀጭን ነው። የ3 ዓመት ልጅ አቅፋ ብትጥላት እግሯ ሊሰበር ይችላል። ሲያማት ደግሞ ትነክሳለች፤ ያቀፈቻት ልጅ ፊት እዚያው አጠገቧ ነው። ትንሽ ውሻ ስታጉረመርም ብዙ ሰው ይስቃል እንጂ አይጠነቀቅም። ውሻ ከመንከሱ በፊት ግን ይናገራል፦ ፊቱን ያዞራል፣ ከንፈሩን ይልሳል፣ የዓይኑ ነጭ ይታያል፣ ሰውነቱ ድርቅ ይላል፣ ከዚያ ያጉረመርማል። ስላጉረመረመ የተመታ ውሻ ማስጠንቀቁን ይተውና በቀጥታ መንከስ ይለምዳል። እንዲህ ሲሆን ልጁን ማራቅ እንጂ ውሻውን መቅጣት አይገባም።

እኔ ለዚህ ቤተሰብ የምመርጠው ከ6 እስከ 10 ኪሎ የሚመዝን፣ ዓመት ያለፈውና ጠባዩ የታወቀ ውሻ ነው፤ ዲቃላ ቢሆንም ግድ የለም። ቡችላ የሚያሳሳ ቢሆንም ጥርሱ እንደ መርፌ ነው፤ ሲያድግ ምን እንደሚሆንም ገና አይታወቅም። ከመውሰዳችሁ በፊት ልጆቹን ይዛችሁ ሂዱ። ውሻው ሳይጎተት፣ ሰውነቱን አላልቶ ራሱ ወደ ልጆቹ ከመጣ ጥሩ ነው። ጥግ ከያዘ ወይም ካፈጠጠ ተዉት።

ቤት ሲገባ ልጆች የማይደርሱበት የራሱ ማረፊያ ይኑረው፤ ትንሿን ልጅ ከእሱ ጋር ለደቂቃም ብቻዋን አትተዉ። የእብድ ውሻ በሽታ አገራችን ውስጥ አለ፤ ክትባቱ በ3 ወር ዕድሜ ይጀመራል፣ የእንስሳት ሐኪሙ በሚነግራችሁ ጊዜም ይደገማል። ልጅ ከተነከሰ፣ ውሻው የቤት ቢሆንም፣ ቁስሉን በሚወርድ ውኃና በሳሙና 15 ደቂቃ አጥባችሁ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ውሰዱት።